የመጠባበቂያ ኮዶችን የት ማስቀመጥ ይሻላል? ሲጠፉስ ከየት ይጀመራል?

በኢሜይሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የከፈተ ሰው፣ የይለፍ ቃሉን በትክክል ቢያስታውስም፣ ስልኩ ከጠፋ ወደ ገዛ አካውንቱ መግባት ይሳነዋል። ጉግል ለዚህ ቀን ብሎ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ያላቸው 10 የመጠባበቂያ ኮዶችን ይሰጣል። ኮዶቹ ስልክም ሆነ የሲም ካርድ መስመር አይፈልጉም፤ የይለፍ ቃሉ ከተጻፈ በኋላ በስልክ ከሚመጣው ኮድ ፈንታ አንዱን መጻፍ ይበቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ኮዶቹን ተቀብሎ የሚያስቀምጣቸው ያንኑ ሊጠፋ የሚችለውን ስልክ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የተለመዱትን የማስቀመጫ ቦታዎች እርስ በርስ ያነጻጽራል፤ ኮዶቹ ሲጠፉም ከቀሩት መንገዶች የትኛው እንደሚቀድም ያሳያል። ጉግልን ማዕከል ያደረግሁት ከአንድሮይድ ስልክ ጀምሮ ፎቶው፣ የስልክ ቁጥር ዝርዝሩና የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል ማደሻ ሁሉ በጂሜይል ላይ የተንጠለጠለባቸው ሰዎች ብዙ በመሆናቸው ነው።

ኮዶቹ የሚገኙት `myaccount.google.com` ከተከፈተ በኋላ ስለ ደኅንነት በሚናገረው ገጽ ውስጥ `2-Step Verification`፣ በእሱም ሥር `Backup codes` በሚለው ቦታ ነው። ቦታ ከመምረጥ በፊት ሁለት ጠባዮቻቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ኮድ ራሱን ችሎ የሚሠራና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አሥሩን በአንድ ቦታ ማኖር ግዴታ አይደለም፣ ሦስቱን እዚህ ሰባቱን እዚያ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው፣ አዲስ የኮድ ስብስብ ሲወጣ የቀድሞው ስብስብ በሙሉ ወዲያው የሚሞት መሆኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፈ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ በክብር ተቀምጦ፣ ባለቤቱ በመሀል አዲስ ኮድ ማውጣቱን ረስቶ፣ በችግሩ ቀን አሥሩም ኮዶች ተራ በተራ «ትክክል አይደለም» የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ማንኛውንም የማስቀመጫ ቦታ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ስልኬ በተሰረቀ ዕለት፣ ያለ ስልኩ፣ ያለ ሲሙና ያለ ጉግል አካውንቱ ይህን ቦታ መክፈት እችላለሁ? ሌላ ሰው ቢያገኘውስ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ ይችላል? አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው በሁለተኛው ጥያቄ ሲሆን፣ ብዙዎቹን ቦታዎች የሚጥላቸው ግን የመጀመሪያው ነው።

በስልኩና በአካውንቱ ውስጥ የሚቀሩ ኮዶች

በስክሪንሾት አንስቶ ጋለሪ ውስጥ መተው ቀላሉና ደካማው ምርጫ ነው። ስልኩ ሲሄድ ስክሪንሾቱም አብሮ ይሄዳል፤ ፎቶዎቹ በራሳቸው ወደ ጉግል ፎቶዎች የሚወጡ ከሆነም ቅጂው የሚገኘው ሊከፈት ባልቻለው አካውንት ውስጥ ነው። ለራስ በጂሜይል መላክ፣ በጉግል ድራይቭ ማኖርና በክሮም የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ላይ ማስታወሻ አድርጎ መጻፍም ከዚህ አይለዩም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

በቴሌግራም `Saved Messages` ውስጥ ማስቀመጥ በእኛ ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። ቴሌግራምን በአዲስ ስልክ ለመክፈት የሚያስፈልገው የመግቢያ ኮድ የሚላከው ቴሌግራም ክፍት ወደሆነበት ሌላ መሣሪያ፣ ያ ከሌለ ደግሞ በጽሑፍ መልእክት ወደ ስልክ ቁጥሩ ነው። ቴሌግራም የነበረው በተሰረቀው ስልክ ላይ ብቻ ከሆነና ሲሙም ከስልኩ ጋር ከሄደ፣ ባለቤቱ ምትክ ሲም እስኪያወጣ ድረስ `Saved Messages` ዝግ ነው። ሌባው ግን ሲሙን አውጥቶ በራሱ ስልክ ላይ ይከታል፤ ሲሙ የመክፈቻ ፒን ከሌለው፣ በቴሌግራሙም ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካልተደረገ፣ የመግቢያ ኮዱን ተቀብሎ ሁሉንም ማንበብ ይችላል። ቦታው በአንድ ቀን ለባለቤቱ ዝግ፣ ለሌባው ክፍት ይሆናል ማለት ነው። በቤት ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ዘወትር ክፍት የሆነለት ሰው ከዚህ ይድናል። ቢሆንም ይህን እንደ ተጨማሪ ቅጂ እንጂ እንደ ዋና ማስቀመጫ አልመክረውም።

የይለፍ ቃል ማስቀመጫ መተግበሪያ

እንደ `Bitwarden` ያሉ መተግበሪያዎች ሁሉንም ነገር በአንድ ዋና የይለፍ ቃል ስለሚቆልፉና ከየትኛውም መሣሪያ ስለሚከፈቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚያልፉ ይመስላሉ። ነገር ግን እዚህም የተሸሸገ ቀለበት አለ። `Bitwarden` እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያልተከፈተበት ተጠቃሚ ከአዲስ መሣሪያ ሲገባ ማረጋገጫ ኮድ በኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ ያው ጂሜይል ከሆነ፣ ጂሜይሉን የሚከፍተው ኮድ በ`Bitwarden`፣ `Bitwarden`ን የሚከፍተው ኮድ ደግሞ በጂሜይል ውስጥ ሆኖ ሁለቱም ተያይዘው ይዘጋሉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተከፈተበትም ቢሆን፣ ኮዱን የሚሰጠው መተግበሪያ በጠፋው ስልክ ላይ ከነበረ ውጤቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ የመተግበሪያው የራሱ የመልሶ ማግኛ ኮድ በወረቀት ላይ መቀመጥ አለበት።

ሌላው ጉዳይ የይለፍ ቃሉና የመጠባበቂያ ኮዱ በአንድ ሳጥን ውስጥ መግባታቸው ነው። ዋናው የይለፍ ቃል በተሰረቀ ቀን ሁለቱም ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ብዙ አካውንት ያለውና ወረቀት ማባዛት የማይመቸው ሰው፣ ኢንተርኔት በማይፈልገው `KeePassXC` ለኮዶቹ ብቻ የተለየ ፋይል ከፍቶ፣ ለእሱም የተለየ የይለፍ ቃል ሰጥቶ፣ አንዱን ቅጂ በኮምፒውተሩ ሌላውን በፍላሽ ቢያኖር የተሻለ ነው። ያልተቆለፈ ፋይል በፍላሽ ላይ ማስቀመጥን ግን ከምርጫ አልቆጥረውም፤ በየኮምፒውተሩ ሲሰካ የሚውል ፍላሽ ቫይረስ ይይዛል፣ ይጠፋል፣ አንድ ቀንም ሳያስጠነቅቅ አልነበብም ይላል።

ወረቀት

ለአብዛኛው አንባቢ የምመርጠው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። በሁለተኛው ጥያቄ በኩል የሚፈራውን ያህል አደገኛ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሰው በኮዱ ብቻ ወደ አካውንቱ አይገባም። ስለዚህም በወረቀቱ ላይ የይለፍ ቃልና ሙሉ የኢሜይል አድራሻ ፈጽሞ አይጻፍም። ለማን አካውንት እንደሆነ ለባለቤቱ ብቻ የሚገባ ምልክት፣ ከእሱም ጋር ኮዶቹ የወጡበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ ወሳኝ ነው፤ ሁለት ወረቀት ሲገኝ የትኛው ሕያው እንደሆነ የሚለየው በእሱ ብቻ ነው።

በእጅ መጻፍ ያልኩት በምክንያት ነው። ጉግል ኮዶቹን አውርዱ ወይም አትሙ ይላል፤ ፕሪንተር የሌለው ሰው ግን ፋይሉን የሚያሳትመው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ነው። ፋይሉ ለቤቱ ኮምፒውተር በቴሌግራም ይላካል ወይም ከፍላሽ ይገለበጣል፣ ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ፋይሉ በ`Downloads` ውስጥ ይቀራል። የሚወርደው ፋይል ስም ደግሞ `Backup-codes-` ብሎ ጀምሮ የተጠቃሚውን ስም የሚያስከትል ስለሆነ፣ የማን ኮድ እንደሆነ ከስሙ ይነበባል። አሥር ኮድ ማለት 80 አሃዝ ነው፤ ሻይ ቀርቦ ሳይቀዘቅዝ በእጅ ተጽፎ ያልቃል። አራት አራት አሃዝ እየለዩ በጥሩ እስክሪብቶ መጻፍ፣ 1 ከ7፣ 4 ከ9 እንዳይምታቱ መጠንቀቅ፣ ጽፎ ሲጨርሱም ከገጹ ጋር አንድ ጊዜ ማመሳከር ይገባል። እንደ ሱቅ ደረሰኝ ባለ ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍ በጊዜ ስለሚደበዝዝ ለዚህ አይሆንም።

ከዚያም አንዱን ኮድ መሞከር ይገባል። በብራውዘሩ የግል መስኮት ውስጥ የይለፍ ቃሉን ከጻፉ በኋላ `Try another way` የሚለውን ተጭነው 8 አሃዝ ያለውን የመጠባበቂያ ኮድ ይምረጡ፤ የተጻፈው ኮድ ካስገባዎ ወረቀቱ ሕያው ነው። ያ ኮድ ስለተቃጠለ በወረቀቱ ላይ ይሰረዛል፤ ዘጠኝ ይቀራሉ። ይህን ሙከራ የሚያደርግ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከላይ ያነሳሁትን የሞተ ወረቀት የሚያጋልጠው ግን እሱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ የሚቀመጠው ፓስፖርት፣ የልደት ካርድና የቤት ካርታ በሚቀመጡበት ነው። በስልክ ሽፋኑ ጀርባ አጣጥፎ መያዝ የብዙ ሰው ልማድ ቢሆንም፣ ወረቀቱን ከስልኩ ጋር ለሌባ እንደ ማስረከብ ይቆጠራል። ሁሉም ኮዶች በአንድ ቤት እንዳይሆኑ ከአሥሩ ሦስቱን በሌላ ወረቀት ጽፎ ለሚታመን ዘመድ መስጠት ከእሳትም ከስርቆትም ያስተርፋል።

ይህ በተለይ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት ለሥራ የምትሄድ ልጅ የኢትዮጵያ ሲሟ እዚያ ላይሠራላት ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀመችበት ቁጥርም ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ጎንደር ያለች እናቷ ዘንድ ሦስት ኮድ ካለ ግን፣ ልጅቱ የመግቢያ ገጹን ከፍታ የይለፍ ቃሏን ከጻፈች በኋላ ትደውላለች፤ እናትየዋ ስምንቱን ቁጥር ታነብላታለች፣ ልጅቱም እዚያው ትጽፈዋለች። ኮዱ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዋጋ ስለሌለው ስልኩን የሰማ ሰው ቢኖር እንኳ የሚያገኘው የተቃጠለ ቁጥር ነው። አስቀድሞ መስማማት የሚገባው በአንድ ነገር ነው፤ ኮዱ የሚነበበው ድምፅ በሚሰማበት ጥሪ ብቻ እንጂ በጽሑፍ አይላክም። «እማዬ፣ ኮዱን በቴሌግራም ላኪልኝ» የሚል መልእክት የልጅቱን ቴሌግራም ከሰረቀ ሰው ሊመጣ ይችላልና።

ሲጠፉ

የጠፋው ወረቀቱ ብቻ ሆኖ ስልኩ በእጅ ካለ ችግሩ የደቂቃዎች ነው። ወደ `Backup codes` ገጽ ገብቶ አዲስ ስብስብ ማውጣት የጠፋውን ወረቀት ከንቱ ያደርገዋል። ነገሩ ቀላል በመሆኑ «አንድ ቀን አወጣለሁ» እየተባለ ይቆያል፤ ከባዱ ጉዳይ የሚመጣውም ስልኩ በዚህ መሀል ሲጠፋ ነው።

አንድ ሁኔታ እንውሰድ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ የምትሠራ ሴት መገናኛ ላይ ታክሲ ስትሳፈር ስልኳን ተነጠቀች እንበል። የመጠባበቂያ ኮዶቿ ያሉበት ወረቀት በስልኩ ሽፋን ውስጥ ነበር። የቀራት የቢሮ ኮምፒውተሯ ነው፤ በዚያ ላይ ጂሜይሏ ክፍት ሲሆን፣ ከወራት በፊት ስትገባ `Don't ask again` የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጋበት ነበር። ይህች ትንሽ ምልክት ኮምፒውተሩን በጉግል ዘንድ የሚታመን ስላደረገችው፣ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ሁለተኛው ደረጃ ብዙውን ጊዜ አይጠየቅም።

በመንገድ ላይ ከሰው ስልክ ወደ ቴሌ ደውላ ሲሙን ታዘጋለች። በቢሮ ስትደርስ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ከአካውንቱ መውጣት፣ የብራውዘሩን ታሪክና ኩኪ ማጽዳት ወይም «ኮምፒውተሩን ላጽዳልሽ» ለሚል ባልደረባ መስጠት የለባትም፤ የታመነነቱ ምልክት ያለው በኩኪው ውስጥ ስለሆነ እሱ ከተሰረዘ የመጨረሻው በር ይዘጋል። ቀጥሎ ብዙ ሰው የይለፍ ቃል ለመቀየር ይሮጣል። እኔ ግን አስቀድማ አዲስ የመጠባበቂያ ኮድ እንድታወጣና በወረቀት እንድትጽፍ እመክራለሁ፤ በስልክ ሽፋኑ ውስጥ ያሉት ኮዶች በዚያው ይሞታሉ፣ ቀሪው ሥራ መሀል ላይ ገጹ ሁለተኛውን ደረጃ ቢጠይቃትም በእጇ መልስ አላት። ከዚያ የመሣሪያዎቿን ዝርዝር ከፍታ የተሰረቀውን ስልክ ከአካውንቱ ታስወጣለች፣ በመጨረሻም የይለፍ ቃሏን ትቀይራለች። መታወቂያዋን ይዛ ወደ ቴሌ ማዕከል ሄዳ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ማውጣቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አዲስ ስልክ ስትገዛ አንድ ጥያቄ ይጠብቃታል። የሌሎች አካውንቶቿን ኮድ የሚያሳያት `Google Authenticator` ከነበረና ከጉግል አካውንቷ ጋር ተያይዞ ከነበረ፣ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚቻል ነው፣ በአዲሱ ስልክ ስትገባ ኮዶቹ ይመለሳሉ። ሳይያያዝ ከነበረ ግን ከስልኩ ጋር ሄደዋል፤ እያንዳንዱ አካውንት በየራሱ የመጠባበቂያ ኮድ መከፈት አለበት።

የታመነ ኮምፒውተር ለሌለው፣ በጉግል ላይ የጽሑፍ መልእክት እንደ ሁለተኛ ደረጃ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ምትክ ሲም ማውጣት ቀጣዩ ምርጫ ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ ከሁሉም ይፈጥናል። ውጭ አገር ላለ ሰው ግን ባለቤቱ በአካል መቅረብ ስለሚጠበቅበት ብዙውን ጊዜ የተዘጋ መንገድ ነው።

ሁሉም ካለቀ የሚቀረው በ`g.co/recover` የሚከፈተው የመልሶ ማግኛ ቅጽ ነው። ቅጹን የሚመዝነው የሚጻፈው መልስ ብቻ አይደለም፤ ከየትና በምን እንደተሞላም ይታያል። ስለዚህ ከጓደኛ ስልክ በችኮላ ከመሞላት፣ ዘወትር ይገባበት ከነበረው ኮምፒውተር፣ በተለመደው ብራውዘር፣ ከቤት ወይም ከቢሮ ሆኖ መሞላቱ ይሻላል። የመጨረሻው የይለፍ ቃል በትክክል ካልታወሰ የሚታወሰው የቀድሞ የይለፍ ቃል ይጻፋል፤ የተሳሳተ ግምት ከሂደቱ አያስወጣም፣ ጥያቄን ባዶ መዝለል ግን ዕድልን ያጠባል። የመልሶ ማግኛ ስልክ ወይም ኢሜይል በቅርቡ ከተቀየረ፣ ጉግል በቀድሞው በኩል እስከ 7 ቀን ድረስ ኮድ ሊልክ ስለሚችል እሱንም መፈተሽ ተገቢ ነው። መልሱ ከሰዓታት እስከ ቀናት ሊዘገይ ይችላል። በዚህ መሀል በቴሌግራምና በፌስቡክ «የተዘጋ ጂሜይል እናስከፍታለን» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ጉግል በውጭ ሰው በኩል አካውንት አይከፍትም፣ የሚከፈላቸው ገንዘብም የሚሰጣቸው የይለፍ ቃልም ለእነሱ ጥቅም ብቻ ይውላል።

ጉግል ቢያንስ ይህን ቅጽ ይሰጣል፤ ሁሉም አገልግሎት እንዲህ አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት `GitHub` 16 የመልሶ ማግኛ ኮዶችን `github-recovery-codes.txt` በሚል ፋይል ይሰጣል፤ ሁለተኛው ደረጃና ኮዶቹ አብረው ከጠፉ የድጋፍ ክፍሉ አካውንቱን እንደማይመልስ አስቀድሞ ያሳውቃል። የሚቀረው ቀድሞ የተረጋገጠ መሣሪያ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያለ የ`SSH` ቁልፍ ወይም የመዳረሻ ቶክን ካለ በእሱ ማመልከት ነው፤ ይህም ካልተገኘ ኢሜይሉን ከተዘጋው አካውንት አላቅቆ በአዲስ አካውንት ላይ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ሥራው ግን በተዘጋው ውስጥ ይቀራል። በጉግል አካውንት ላይ ሁለት የወረቀት ቦታ ማበጀት ጥንቃቄ ከተባለ፣ እንዲህ ባለው አካውንት ላይ ግን በአንድ ወረቀት ብቻ መቅረት አይቻልም።